የቆዩና የአዲስ ቪዲዮዎችን የዕይታ ጊዜ በተመልካች ማነጻጸር፦ ወቅት የሚያመጣው ስህተት

አንድ ተመልካች ከአንድ ቪዲዮ ላይ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንዳየ ለማወቅ የቪዲዮው ጠቅላላ የዕይታ ጊዜ ለተመልካቾቹ ቁጥር ይካፈላል። ዩትዩብ ስቱዲዮ የዕይታ ጊዜን በሰዓት ስለሚሰጥ በ60 ማባዛት ያስፈልጋል፦

```
Watch time (hours) × 60 ÷ Unique viewers
```

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው Unique viewers እንጂ Views አይደለም። አንድ ሰው የሽሮ አሠራሩን ሦስት ጊዜ ተመልሶ ቢያየው ሦስት ዕይታ ነው፤ ተመልካቹ ግን አንድ ነው። የUnique viewers ቁጥር ግምታዊ ነው፤ ከዚያም በላይ አይደመርም። ሰኞም ማክሰኞም ያየው ሰው በየቀኑ ስለሚቆጠር የ28 ቀን ቁጥሮችን አንድ በአንድ መደመር ተመልካቹን ያበዛል፣ ደቂቃውንም ያሳንሳል። ለጠቅላላው ጊዜ በአንድ ላይ የተሰጠውን ቁጥር መውሰድ ይገባል። የሚነጻጸሩት ጊዜያትም እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ያው ሰው ተመልሶ የማየት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ የ90 ቀን ውጤት ከ28 ቀን ውጤት ከፍ ይላል፤ ቪዲዮው ግን አልተሻሻለም።

ወቅት የሚያሳስተው እንዴት እንደሆነ በጾም ምግብ አሠራር ቻናል ላይ በግልጽ ይታያል። በዐቢይ ጾም ወደ እንዲህ ያለ ቻናል የሚመጣው ሰው ምግቡን ያን ዕለት ሊሠራው ነው። ስልኩን ከምድጃው አጠገብ አቁሞ እስከ መጨረሻው ያያል፤ ቅመሙ ሲጠፋው ወደ ኋላ ይመልሳል። ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው አብዛኛው ተመልካች ግን በአጋጣሚ ያገኘው ስለሆነ ጥቂት አይቶ ያልፋል። ስለዚህ በጾም የሚጨምረው የተመልካቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ተመልካች የሚቆይበት ደቂቃም ይጨምራል። በሰው ቁጥር ስላካፈልኩ ወቅቱን አስወግጃለሁ ብሎ ማሰብ በዚህ ምክንያት ስህተት ነው።

ለምሳሌ አንድ የምስር ወጥ ቪዲዮ በ2016 ዓ.ም. የጾሙ መግቢያ ቀን ወጣ እንበል፤ በአዲስ ቀረጻና ቅንብር የተሠራው ሌላው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የጾሙ መግቢያ ቀን። አዲሱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት 360 ሰዓትና 3,600 ተመልካች አገኘ፤ ይህም በተመልካች 6 ደቂቃ ነው። የቆየው ከ2017ቱ ጾም በፊት በነበሩት 28 ቀናት 84 ሰዓትና 1,200 ተመልካች ነበረው፤ ይህ ደግሞ 4.2 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አዲሱ አሠራር ጊዜውን በ43 በመቶ አሳደገ ይላል። ነገር ግን አንደኛው በጾም ሌላኛው ከጾም ውጭ ተለክቷል፤ አንደኛው ትኩስ ሳለ፣ ሌላኛው አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

መፍትሔው የቆየውን ቪዲዮ በዚያው ዕድሜውና በዚያው የጾም ቀን መለካት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ቀን» የሚለውን ምርጫ ይወስዳሉ። ዐቢይ ጾም ግን ቀኑ ተንቀሳቃሽ ነው። በ2016 ዓ.ም. የገባው መጋቢት 2 ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17 ነበር። ስቱዲዮው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሠራ የመጀመሪያዎቹ 28 የጾም ቀናት ለፊተኛው ዓመት ከማርች 11 እስከ ኤፕሪል 7 ቀን 2024፣ ለኋለኛው ከፌብሩዋሪ 24 እስከ ማርች 23 ቀን 2025 ናቸው። ለ2025ቱ ቀናት የ2024ን ተመሳሳይ ቀናት የወሰደ ሰው፣ በ2024 ፌብሩዋሪ 29 ስለነበረ 29 ቀን ያገኛል፤ ከእነዚህም 16ቱ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያሉ ይሆኑበታል። ስለዚህ Advanced mode ውስጥ ሁለቱን የቀን ክልሎች ራስ አስልቶ በእጅ ማስገባት ይሻላል። ለረመዳን የሚሠሩ ቻናሎችም ያው ችግር አለባቸው፤ ረመዳን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል።

28 ቀን የተመረጠው አራት ሙሉ ሳምንት ስለሆነ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከጾሙ ወቅት ውጭም ይጾማሉና በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ አራት፣ አንድ ጊዜ አምስት ዓርብ ሊገባ ይችላል። የሪፖርቱ ቀን የሚቆጠረው በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት መሆኑም መታወስ አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ቀኑ የሚለወጠው እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። የረቡዕ ማለዳ ተመልካች በማክሰኞ ተመዝግቦ ሲገኝ ስህተት አይደለም።

በዚህ መንገድ የቆየው ቪዲዮ በ2016ቱ ጾም የመጀመሪያ 28 ቀናት 190 ሰዓትና 2,000 ተመልካች ነበረው እንበል። ይህ 5.7 ደቂቃ ነው። 43 በመቶ የነበረው ልዩነት ወደ 5 በመቶ ወረደ ማለት ነው።

ቀሪው 5 በመቶም ገና የአዲሱ አሠራር ውጤት ነው አይባልም። በአንድ ዓመት ውስጥ ቻናሉ ራሱ ይለወጣል፤ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ይበዛል፣ ሰብስክራይበሩ ይጨምራል። ይህን ለመለየት ያልተነካ መለኪያ ያስፈልጋል፦ ከሁለቱም ጊዜያት አስቀድሞ የወጣ፣ በጾምም በፍስክም የሚፈለግ፣ ርዕሱም ሽፋን ምስሉም ያልተቀየረ ቪዲዮ። ስለ እንጀራ ሊጥ አቦካክ የሚያስተምር ለዚህ ይመቻል። እሱ በሁለቱ ጊዜያት ከ5.0 ወደ 5.2 ደቂቃ ከሄደ፣ 4 በመቶው የቻናሉ የራሱ ለውጥ ነው። 6 ለ5.7 ሲካፈል የሚገኘውን 1.053ን ለ1.04 ስናካፍል 1.01 ገደማ ይመጣል፤ ለአዲሱ አሠራር የሚተርፈው 1 በመቶ ብቻ ነው። መለኪያው ቪዲዮም ራሱ እያረጀ ስለሚሄድ ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎችን መያዝ ይመረጣል።

በአንድ ጥንድ ቪዲዮ መወሰንም አይበቃም። ስምንት ወይም አሥር ጥንድ አዘጋጅቶ ለእያንዳንዱ የአዲሱን ደቂቃ ለቆየው ማካፈል፣ ከዚያ ውጤቶቹን በቅደም ተከተል አስቀምጦ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል። አማካይ ከተወሰደ በድንገት የተሰራጨ አንድ ቪዲዮ ሁሉንም ይጎትታል። ውጤቶቹ ከ0.8 እስከ 1.3 ተበታትነው ከተገኙ የ1 በመቶ ልዩነት ምንም አይናገርም።

ቀኑና ዕድሜው ከተስተካከለ በኋላም የሚያታልል አንድ ነገር አለ፤ እሱም ተመልካቹ የመጣበት መንገድ ነው። በፍለጋ የመጣ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ፣ ዩትዩብ ጠቁሞት የመጣ 5 ደቂቃ ያያል ብንል፣ ለአሮጌውም ለአዲሱም ይኸው ሆኖ ሳለ፣ አሮጌው 70 በመቶ ዕይታውን ከፍለጋ አዲሱ ግን 30 በመቶ ብቻ ካገኘ አማካዮቹ 3.6 እና 4.4 ይሆናሉ። አንድም ተመልካች አንድ ሰከንድ ሳይጨምር 22 በመቶ «ዕድገት» ታየ ማለት ነው። ስለዚህ Traffic source በሚለው ስር እያንዳንዱን መንገድ ለብቻው ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለዚህ ደረጃ Average view duration ይሻላል፤ በሁለት መንገድ የመጣ አንድ ሰው በሁለቱም ሊቆጠር ስለሚችል በተመልካች ማካፈል እዚህ ላይ አያስተማምንም።

የቪዲዮው ርዝመትም በመጨረሻ ይታይ። አሮጌው 9 ደቂቃ አዲሱ 14 ደቂቃ ከሆነ፣ ደቂቃው ጨምሮ የታየው ድርሻ በመቶኛ ሊቀንስ ይችላል። ሾርትስ ከሁለቱም ወገን ይውጣ፤ እነሱን ረጅም ቪዲዮዎች ውስጥ ቀላቅሎ የተገኘ አማካይ የሚናገረው ስለ ሾርትሱ ብዛት ነው።