ሽቶው ላይ «ሊናሉል» ለምን ተጻፈ?

አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ ሽቶ ካርቶን ላይ ከአልኮልና ከውሃ ጋር «ፓርፉም» የሚል ቃል አለ። ይህ ቃል ብዙ ቅመሞችን በአንድ ላይ ይጠቀልላል፤ ሕጉም ይፈቅዳል። አለርጂ የሚቀሰቅሱት ግን፣ እንደ ሊናሉልና ሊሞኔን ያሉት፣ በስማቸው ይጻፋሉ። ግዴታው የሚጀምረው ከ0.001 በመቶ በላይ ሲሆን ነው፤ በ100 ግራም ሽቶ ውስጥ 1 ሚሊግራም ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግራችሁም። «ተፈጥሯዊ» የሚለውም አያዘናጋችሁ፤ የላቬንደር ዘይት ራሱ ሊናሉል አለው።

አለርጂ ያለባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝርዝሩ ድሮ 26 ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ከ80 በላይ አደረሰው። በድሮው ሕግ የታተመ ካርቶን ግን እስከ ሐምሌ 2028 እ.ኤ.አ. ሊሸጥ ይችላል። አዲስ የተጨመረ ስም እዚያ ላይ ስላጣችሁ ብቻ ሽቶው ውስጥ የለም አትበሉ።