የ72 ሕግ ምንድን ነው? ለወር በወር ቁጠባስ ለምን አይሠራም?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ቪዲዮ አለ። ሰውዬው በልበ ሙሉነት ይናገራል። «72ን ለወለዱ አካፍል። ወለዱ 7 በመቶ ከሆነ 10 ዓመት ነው። በየወሩ 2 ሺህ ብር አስቀምጥ፤ በ10 ዓመት 240 ሺህህ 480 ሺህ ይሆናል።» እኔ እዚህ ጎንደር የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቪዲዮውን መስኮት ላይ ደቅነው «ታዲያ እናንተ ጋ ለምን እንዲህ አይሆንም?» የሚሉኝ አባላት በዝተዋል።

ሕጉ ራሱ ምንም አልበደለም። የቆየም ነው፤ ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። 72 በዓመታዊ የወለድ መጠን ሲካፈል ገንዘቡ እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት በግምት ይሰጣል። ችግሩ የቱ ገንዘብ የሚለው ላይ ነው።

አንድ ሰው 50 ሺህ ብር በ7 በመቶ አስቀመጠ እንበል። አንዴ አስገባ፣ አልጨመረም፣ አልነካም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 53,500 ብር አለው። በሁለተኛው ዓመት ወለዱ የሚታሰበው በ53,500 ላይ ስለሆነ 57,245 ይደርሳል። እንዲህ እያለ በ10ኛው ዓመት 98,358 ይሆናል። እጥፍ ለመሙላት ሦስት ወር ገደማ ይቀረዋል። 72 ለ7 ሲካፈል 10.3 ነው፤ ሕጉ ልክ ነው ማለት ነው።

ይኸው ሰው በየዓመቱ ወለዱን 3,500 ብር እያወጣ ለፋሲካ በግ ቢገዛበትስ? በ10 ዓመት የሚያገኘው ወለድ 35 ሺህ ብቻ ነው። ዋናውን ጨምሮ 85 ሺህ። እንደዚያ ከሆነ እጥፍ የሚሆነው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። 72 የሚሠራው ወለዱ ራሱ ወለድ ሲያመጣ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው ሰውዬ ልመለስ። እሱ የዘለለውን በከብት ላስረዳው።

አንድ ገበሬ ዛሬ አንዲት ጊደር ገዛ። ከ10 ዓመት በኋላ ጊደሯ ወልዳ፣ ልጆቿም ወልደው በረቱ ሞልቷል። ጎረቤቱ ደግሞ በየዓመቱ አንዳንድ ጊደር እየገዛ 10 ዓመት ቆየ። በአሥረኛው ዓመት የገዛት ጊደር ገና በረቱን እንኳ አልለመደችም። ዘጠነኛዋም ብትሆን ገና ነች። ልጅና የልጅ ልጅ ያደረሱት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው። ቪዲዮው የሚለው ግን «የመጀመሪያው ገበሬ ከብት ስንት እጥፍ እንደረባ ቁጠር፤ ትናንት የተገዛችውም እኩል ረብታለች ብለህ አስብ» ነው። (የሚወለደው ግማሹ ወይፈን መሆኑን፣ ድርቅና የላም በሽታንም ለጊዜው እንተዋቸው። የባንክ ብር ወይፈን የለውም። ቀለብ ግን አለው፤ እመለስበታለሁ።)

ወር በወር የሚቆጥብ ሰውም እንደ ጎረቤትየው ነው። የመጀመሪያዋ 2 ሺህ 10 ዓመት ያህል ትሠራለች። የመጨረሻዋ አንድ ወር እንኳ አትሠራም። ሁሉንም ስናማክለው እያንዳንዱ ብር ሂሳቡ ውስጥ የቆየው 5 ዓመት ያህል ነው። 5 ዓመት በ7 በመቶ 35 በመቶ ነው፤ የወለድ ወለዱ ሲታከልበት 44 በመቶ ይደርሳል።

በቁጥር ላሳይ። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እናት በየወሩ 2 ሺህ ብር ያስቀምጣሉ ብለን እናስብ። ወለዱ 7 በመቶ ነው፤ በየወሩ ይታሰባል። በ10 ዓመት ከእጃቸው የወጣው 240 ሺህ ብር ነው። ሂሳባቸው ላይ የሚገኘው 346 ሺህ ገደማ ነው። ከቪዲዮው ተስፋ 134 ሺህ ይጎድላል። ማንም አልበላባቸውም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ታዲያ በወር ቁጠባ ያስገቡት ብር እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው? ለዚህም አቋራጭ አለ፤ ሲነገር ግን አልሰማም። በ72 ፈንታ 126ን ይዞ ማካፈል ነው። 126 ለ7 ሲካፈል 18 ዓመት። በ18 ዓመት እኚህ እናት 432 ሺህ ብር ያስገባሉ፤ ሂሳባቸው 860 ሺህ ገደማ ይሆናል። ወለዱ 12 በመቶ ቢሆን ደግሞ አሥር ዓመት ተኩል ይበቃል። መጠኑ በየወሩ እኩል ሲሆን ነው ታዲያ። አንድ ወር 2 ሺህ፣ አንድ ወር 500፣ ሁለት ወር ዝም ለሚል ሰው አቋራጭ የለም፤ ቁጭ ብሎ መደመር ነው።

አንዳንዱ እጥፍ መሆኑ ግድ አይሰጠውም። የሚፈልገው የታወቀ ብር ነው። እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። እናትየዋ የሚያስፈልጋቸው 480 ሺህ ከሆነ፣ 2 ሺህ ሳያቋርጡ ካስገቡ 12 ዓመት ተኩል ይፈጅባቸዋል። የግድ በ10 ዓመት ይሁን ካሉ ወርሃዊው 2,775 ብር አካባቢ መሆን አለበት። ቪዲዮውን አምነው ቢቀመጡ ይህን የሚያውቁት በአሥረኛው ዓመት ነበር።

ቀለቡን ረስቼ እንዳልሄድ። ከወለድ ላይ ግብር ይቆረጣል። ደብተር ላይ የተጻፈው 7 ከሆነና እጅ የሚገባው 6.5 ከሆነ፣ ማካፈል ያለብን ለ6.5 ነው። ያን ጊዜ አንዴ የተቀመጠው ብር እንኳ 11 ዓመት ይወስዳል። የወለድ አቆጣጠሩንም ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ የሚታሰበው በወሩ ውስጥ በነበረው ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው። በ28 አስገብቶ «የዚህ ወር ወለዴስ?» የሚለን አባል አለ። የማህበር አባል ከሆናችሁ ደግሞ የዕጣ ትርፍን ከቁጠባ ወለድ ጋር አትደምሩ። የዕጣ ትርፍ ዓመቱ ሲዘጋ ካለ የሚከፋፈል ነው፤ 72ን ለእሱ ማካፈል አይቻልም።

የዋጋ ንረትም በዚሁ ሕግ ይለካል፤ ይህኛው አጠቃቀም ትክክል ነው። ዋጋ በዓመት በ14 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ 100 ብር የሚገዛው ዕቃ ከ5 ዓመት በኋላ 200 ገደማ ይሆናል። ብሩ በ10 ዓመት እጥፍ ሲሆን ዕቃው ሁለቴ ታጥፏል። ይህን የምለው ሰውን ከቁጠባ ለማስበርገግ አይደለም፤ ቪዲዮው ላይ አንድም ቃል ስላልተነገረ ነው።

ሰውዬው መጨረሻ ላይ ብድርንም ይነካል። «15 በመቶ ብትበደር በ5 ዓመት የምትከፍለው እጥፍ ነው» ይላል። ይህም ያው ስህተት ነው፤ የተገለበጠ ብቻ። እጥፍ የሚሆነው 5 ዓመት ሙሉ ሳንቲም ሳይከፍል ለቆየ ሰው ነው። 100 ሺህ ብር በ15 በመቶ ተበድሮ በየወሩ እኩል በ5 ዓመት የሚጨርስ ሰው፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ ወርሃዊ ክፍያው 2,379 ብር ነው። ጠቅላላ 143 ሺህ ገደማ ይከፍላል። በየወሩ ዋናው ዕዳ ስለሚቀንስ 57 ሺህ ብር ከእጥፍ ያንሳል። ይህን ቪዲዮ አይቶ የባጃጅ ብድር ማመልከቻውን የመለሰ ልጅ አለ። ሰንጠረዡን አትሜ ሰጥቼዋለሁ፤ ከአባቱ ጋር እያየው ነው።