ጆን ሮውላንድስ በመዝገብ ላይ፦ የስታንሊን ወላጆች ከቆጠራ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት መዝገብ መፈለግ

በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የድሉን ዜና ከመንግሥት መልእክተኞች ቀድሞ ለንደን ያደረሰው የኒው ዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስታንሊ አሜሪካዊ ነኝ ይል ነበር። የኒው ኦርሊንስ ነጋዴ እንደ ልጁ ተቀብሎ ስሙን እንደሰጠውም ከሞተ በኋላ በ1909 በታተመው ግለ ታሪኩ ላይ ይነበባል። እውነተኛው ስሙ ግን ጆን ሮውላንድስ ነው፤ የተወለደውም ጃንዋሪ 28 ቀን 1841 በሰሜን ዌልስ፣ ደንቢ ከተማ ነው። ታዋቂ ሰው ስለ ልጅነቱ የሚናገረው ከዝናው በኋላ ነው። መዝገቡ የተጻፈው ደግሞ ማንም ሳያውቀው በፊት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከግለ ታሪኩ ሳይሆን ከመዝገቡ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ሦስት ዓይነት መዝገብ ጎን ለጎን ይነበባል። አንደኛው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ነው። ሁለተኛው ጁላይ 1 ቀን 1837 የተጀመረው የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ነው። ሦስተኛው በየአሥር ዓመቱ የሚካሄደው ሕዝብ ቆጠራ ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ የመለሰው ለጸሐፊው የቀረበለትን ጥያቄ ብቻ ነውና።

የመንግሥቱ ምዝገባ በመጀመሪያዎቹ ዓሥርት ዓመታት ቀዳዳ አለው። ልደትን አለማስመዝገብ ቅጣት ያስከተለው ከ1875 ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ የድሃ ልጅ ጨርሶ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእናቱ የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ የስታንሊን ልደት የሚፈልግ ሰው በሮውላንድስም በፓሪም ስም መፈለግ አለበት። የእናቱ ስም ኤሊዛቤት ፓሪ ነበርና። ማውጫው በሩብ ዓመት የተከፈለና በምዝገባው ቀን የተደራጀ ነው። በጃንዋሪ መጨረሻ ተወልዶ ዘግይቶ የተመዘገበ ልጅ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ሊገኝ ስለሚችል እዚያም ማየት ይገባል።

የመንግሥቱ መዝገብ ዝም ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ይናገራል። ከ1813 ጀምሮ የጥምቀት መዝገብ በታተመ ቅጽ ላይ ይሞላ ነበር። በአንድ ገጽ ስምንት ጥምቀት ሲኖር፣ ቀን፣ የልጁ ስም፣ የወላጆች ስም፣ መኖሪያ፣ የአባት ሥራና ያጠመቀው ካህን በየዓምዳቸው ይሰፍራሉ። በደንቢ የቅዱስ ሂላሪ ቤተ ክርስቲያን፣ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1841 ላይ፣ ጆን ከሚለው ስም አጠገብ «ዲቃላ» ተብሎ ተጽፏል። አባትየው ጆን ሮውላንድስ የተባለ ገበሬ፣ እናትየው በደንቢ ቤተ መንግሥት ግቢ የምትኖረው ኤሊዛቤት ፓሪ መሆናቸውም ሰፍሯል። ይህች አንዲት መስመር ስሙን፣ አባቱን፣ እናቱንና ቀበሌያቸውን በአንድ ላይ ትሰጣለች።

ግን ምን ያህል ታስረዳለች? ካህኑ የጻፈው የተነገረውን ነው። መስመሯ ጆን ሮውላንድስ አባት ተብሎ መጠራቱን ታረጋግጣለች፣ አባት መሆኑን ግን አታረጋግጥም። በአካባቢው እውነተኛው አባት አንድ የደንቢ ጠበቃ ነው የሚል ወሬም ነበር። ወሬውን ከመቀበልም ከመጣልም በፊት ሌላ ዓላማ ያለው ሰነድ ይፈለጋል። አባት የልጁን ቀለብ እንዲከፍል ፍርድ ቤት የሰጠው ትእዛዝ ካለ፣ ከጥምቀቱ ይልቅ ክብደት አለው። እዚያ አባትየው ቀርቦ ሊከራከር ይችል ነበርና።

የዌልስ ስም ራሱ ወጥመድ ነው። ፓሪ የሚለው «አፕ ሃሪ»፣ ማለትም የሃሪ ልጅ፣ ከሚለው የመጣ ነው። እንደ እኛ የአባት ስም ይጠሩ የነበሩ ሰዎች ስማቸውን የቤተሰብ ስም አድርገው ሲያጸኑት፣ ጥቂት ስሞች በብዙ ሺህ ሰው ላይ ተደጋገሙ። ጆንስ፣ ዊሊያምስ፣ ፓሪ በየመንደሩ አሉ። ስሙ ስለገጠመ ብቻ ሰውየው ተገኘ ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ስም፣ ዕድሜና መኖሪያ ወይም ሥራ አብረው መግጠም አለባቸው።

አሁን ወደ ቆጠራው እንሂድ። የ1841 ቆጠራ የተደረገው ጁን 6 ነው፤ ሕፃኑ የአራት ወር ልጅ ነበር። የዚያ ዓመት ቅጽ ግን በጣም ደካማ ነው። ከ15 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ዕድሜ ወደታች ወደ አምስት ብዜት እንዲጠጋ ታዞ ስለነበር፣ «20» ተብሎ የተጻፈ ሰው 24 ዓመት ሊሆነው ይችላል። የትውልድ ቦታ የተጠየቀው በዚሁ አውራጃ ነው ወይስ አይደለም በሚል ብቻ ነው። የዝምድና ዓምድም የለውም። በሥጋ ሻጩ አያት በሞዝስ ፓሪ ቤት ሮውላንድስ የሚባል ሕፃን ቢገኝ፣ ቅጹ የልጅ ልጅ ነው አይልም። አያትየውንና ሕፃኑን የሚያገናኘው የጥምቀቱ መስመር ነው።

የ1851ዱ ቆጠራ፣ ማርች 30፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለውን ዝምድና፣ ትክክለኛ ዕድሜንና የትውልድ አጥቢያን ይጠይቃል። ነገር ግን አያቱ ስለሞተ ልጁ ከ1847 ጀምሮ በሰይንት አሳፍ የድሆች መጠለያ ነበር። በእንዲህ ያለ ተቋም የዝምድና ዓምዱ «ተጠዋሪ» ከማለት አያልፍም። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢያድሩ እንኳ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይቆጠራሉ። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው የመጠለያው የራሱ የመግቢያና የመውጫ መዝገብ ነው። ስታንሊ ግለ ታሪኩ ላይ በ1856 ጨካኙን መምህር ደብድቦ አጥር ዘሎ እንዳመለጠ ይተርካል። የመጠለያው መዝገብ ግን በዚያ ዓመት ሜይ ወር ወደ አጎቱ፣ ወደ ሆሊዌል ትምህርት ቤት፣ እንደሄደ ይላል። የመጠለያው ጸሐፊ የሚሞላው ለቀለብ ሂሳብ እንጂ ለታሪክ አልነበረም፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ እሱን ማመን ይሻላል።

ግለ ታሪኩን የኒው ኦርሊንስ መዝገብም ይፈትነዋል። ልጄ አለኝ የተባለው ነጋዴ ሄንሪ ሆፕ ስታንሊ በግለ ታሪኩ ላይ በ1861 ኩባ ሞተ ተብሎ ተጽፏል፤ ሰውየው በእርግጥ የሞተው ግን በ1878 ነው። በ1860 የአሜሪካ ቆጠራ ባሪያ ያልሆነ እያንዳንዱ ነዋሪ በስሙ ቢጻፍም የዝምድና ዓምድ የተጨመረው በ1880 ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ በነጋዴው ቤት ቢገኝ እንኳ ልጅ ይሁን ሠራተኛ ቅጹ ብቻውን አይለይም።

እናትየውን መከታተል የሚከብደው ከጋብቻዋ በኋላ ነው። ሮበርት ጆንስን ስታገባ ኤሊዛቤት ጆንስ ሆነች፤ በዌልስ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ስም ማግኘት ይከብዳል። መፍትሔው በስም ሳይሆን በቦታ መፈለግ ነው። መጠጥ ቤት ያዙበት የነበረውን የግላስኮይድን መንደር የቆጠራ ገጾች አንድ በአንድ ማንበብ፣ ከዚያ የጋብቻ መዝገቡ ላይ የአባቷ ስም ሞዝስ ፓሪ መሆኑን ማየት። በየቆጠራው ዕድሜዋ በሁለትና በሦስት ዓመት ቢዛነፍ አያስደነግጥም፤ ብዙ ሰው የተወለደበትን ዓመት በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። ዕድሜውም የትውልድ አጥቢያውም አብረው ከተለወጡ ግን የተያዘችው ሌላ ኤሊዛቤት ናት።