የወር ዲዛይን ፓኬጅ ለጣና ዳር አሳ ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በነፃ ካንቫ አማርኛ አይሠራም፤ ፊደሉ ይበላሻል።»

የሚበላሸው የመረጣችሁት ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ነው። ያኔ ካንቫ ሌላ ፎንት ይተካበታል። ለማረጋገጥ «የጣና አሳ» ብላችሁ ጻፉና ፎንቱን ሁለት ሦስቴ ቀያይሩ። ፊደሉ ቅርጹን ካልለወጠ፣ እነዚያ ፎንቶች አማርኛ የላቸውም። ነፃው ካንቫ የራስን ፎንት መጫን አይፈቅድም። እኔ ርዕሱን ስልኬ ላይ ፒክስላብ በሚባል መተግበሪያ እጽፋለሁ። ከጉግል ፎንትስ Noto Sans Ethiopic በነፃ ይወርዳል፤ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል። ጀርባውን ባዶ አድርጌ በPNG አስቀምጥና ካንቫ ውስጥ አስገባዋለሁ። እዚያ ከገባ በኋላ ግን ምስል ስለሆነ ፊደል ማረም አይቻልም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የምሠራው የቤቱን ስምና ዋና ርዕሱን ብቻ ነው።

«ፓኬጅ ማለት 12 ፖስት በቅናሽ መስጠት ነው።»

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ለአንድ አሳ ቤት ስሠራ እኔም እንዲህ አስቤ ነበር። በሳምንት 3፣ በወር 12 ፖስት ተስማማን። በሁለተኛው ሳምንት የአሳ ቤቱ ባለቤት ደወሉ፤ «ልጄ፣ አሳ ተወዷል፣ ዋጋውን ቀይሪልኝ።» ዋጋው 7 ፖስት ላይ ታትሟል። ሰባቱንም እንደገና ሠራሁ፤ ለዚያ ድካም ምንም አልተከፈለኝም።

አሁን ዋጋ ምስሉ ላይ አላሳርፍም። ከሥሩ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቷ ራሳቸው ያስተካክሉታል። ደግሞ 12 የተለያየ ዲዛይን አልሠራም። የምሠራው ሦስት መደብ፣ ማለትም ቴምፕሌት፣ ነው፦ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለማስታወቂያ፣ አንዱ ለበዓል። ከዚያ ፎቶና ጽሑፍ እየለዋወጥኩ እጠቀምባቸዋለሁ። ፎቶውን ሁሉ በአንድ ጠዋት አነሳለሁ፤ ጥብሱም ጉላሹም ጥላ ሥር፣ ደጅ ላይ። ቀጥታ ፀሐይ የዘይቱን ነጸብራቅ ነጭ ያደርገዋል።

ሰዓቱን እናስላ። ሦስቱ መደብ 6 ሰዓት፣ ፎቶ 3፣ አሥራ ሁለቱ ፖስት 8፣ እርማት 2፤ ድምሩ 19 ነው። ሰዓቱን በ200 ብር ብንይዘው 3,800 ብር ይሆናል። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ መደቡ ስላለ 13 ሰዓት፣ ማለትም 2,600 ብር ይበቃል። የመደቡን 1,200 ብር ለብቻ፣ አንዴ ብቻ አስከፍሉ። ወርሃዊው ውስጥ ከደበቃችሁት ደንበኛው በሁለተኛው ወር «ለምን አይቀንስም?» ይላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

እርማት ሁለት ዙር ነው። ይህን ከቅድሚያ ክፍያው በፊት በቴሌግራም ጽፋችሁ ላኩ፤ በቃል ብቻ ከሆነ ይረሳል።

«ምስሉ የደበዘዘው ዲዛይነሩ ስላበላሸው ነው።»

ብዙ ጊዜ የሚያደበዝዘው አላላኩ ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከውን ይጨምቀዋል። በ«ፋይል» ላኩት፤ መጠኑን ደግሞ 1080 በ1350 ፒክስል አድርጉት። ባለቤቷ ስክሪንሾት አንስተው እንዳይለጥፉትም ንገሯቸው።