«ጊዜው አላለፈም» አይበቃም፦ ስለ ባች ቁጥር የሚባለውና እውነታው

«ጊዜው እስካላለፈ መድኃኒቱ ደህና ነው። የባች ቁጥር ምን ያደርግልኛል?»

የማብቂያ ቀኑ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በደንብ የተሠራና በደንብ የተቀመጠ መድኃኒት እስከ መቼ እንደሚቆይ። ሲሠራ ስህተት ከገባበት ቀኑ ምንም አያውቅም። ያንን የሚለየው አብረው የተመረቱ ጠርሙሶች የሚጋሩት የባች ቁጥር ነው።

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2016 የናይጄሪያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቤኒሊን የተባለውን የሕፃናት ሽሮፕ፣ ባች 329304ን ከገበያ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ዳይኢትሊን ግላይኮል የሚባል መርዛማ ነገር ተገኝቶበት ነው። ሽሮፑ የተመረተው በፈረንጆቹ ግንቦት 2021 ሲሆን፣ የሚያበቃው ሚያዝያ 2024 ነበር። ማለትም ትእዛዙ ሲወጣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን ገና አላለፈም። ያ ስድስት አሃዝ ባይኖር ኖሮ ምርጫው ሁለት ነበር፦ ስሙ ቤኒሊን የሆነውን ሁሉ መድፋት፣ ወይም ዝም ማለት።

«06/2026 ይላል። ታዲያ 2026 ሊደርስ ገና ስምንት ዓመት አለው እኮ!»

ይህንን እዚሁ ባሕር ዳር መደርደሪያ ፊት ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያሉት እናት ደግሞ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። ወሩም እንዲሁ፤ 06 የካቲት ሳይሆን ሰኔ ነው። ቀን ሳይጻፍ ወርና ዓመት ብቻ ካለ የወሩን የመጨረሻ ቀን መያዝ ነው። ስለዚህ ያ ጠርሙስ የሚያበቃው በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው።

ስቶር ውስጥ ግን ጣጣው ሌላ ነው። አንዱ ሠራተኛ ካርቶኑ ላይ ያለውን እንዳለ ይገለብጣል፣ ሌላው ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሮ ይጽፋል። ከዚያ ኤክሴሉ በማብቂያ ቀን ሲደረደር፣ «2018» የተባለው ዕቃ ስምንት ዓመት ያለፈበት መስሎ ከላይ ይወጣል። የእኔ ደንብ አጭር ናት፦ ካርቶኑ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፍ፣ አትቀይር። ለደንበኛ ስትናገር ብቻ ቀይረው።

«እኛ በባርኮድ ነው የምንሸጠው። ሁሉም ራሱ ይመዘገባል።»

የትኛው ባርኮድ? በመስመር የተሠራውና ከሥሩ 13 አሃዝ ያለው የምርቱን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። ዛሬ የገባውም አምና የገባውም ጠርሙስ ያው ባርኮድ አላቸው። ባችና ቀን የሚይዘው በነጠብጣብ የተሞላው ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። የያዘው ለሰው ዓይን እንዲመች ተለያይቶ ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
(01)06141411234524(17)260630(10)B2417(21)7K93Q
```

01 ምርቱ፣ 17 ማብቂያው፣ 10 ባቹ፣ 21 ደግሞ ሲሪያል ቁጥሩ ነው። ባች ቁጥርን አብረው የተመረቱ ሺህ ጠርሙሶች ይጋሩታል፤ ሲሪያል ግን የአንዷ ፓኬት ብቻ ነው። አንድ ሲሪያል ሁለት ከተማ ላይ ከተገኘ አንደኛው ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ስካነሩ ይህንን ቢያነብም ፕሮግራሙ ባቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ ከሌለው ልፋቱ ከንቱ ነው።

«ሲገባ ባቹን የዕቃ መመዝገቢያው ቢን ካርድ ላይ ጽፈናል። ይበቃል።»

አይበቃም፤ ሲወጣም ካልተጻፈ ዕቃው የት እንደሄደ አታውቅም። በምሳሌ ላሳይ።

አንድ ጅምላ አከፋፋይ 200 ጠርሙስ ሽሮፕ ገባለት እንበል። 120ው ባች B2417፣ 80ው B2418 ነው። ከሦስት ወር በኋላ B2417 ይሰብሰብ የሚል ደብዳቤ መጣ። ደረሰኞቹ ላይ ባች ስለተጻፈ ፍለጋው ቀላል ነው፦ ወረታ 36፣ ሐሙሲት 24፣ መራዊ 24፤ በድምሩ 84። መደርደሪያ ላይ 31 አለ። ሁለት ተሰብሯል። ሲደመር 117። ከ120ው ሦስት ጎደለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ተሰብሮ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። አትለፉ። መጀመሪያ ጎን ለጎን የተቀመጠውን ወንድሙን ቁጠሩ። ከB2418 በደረሰኝ የወጣው ለዳንግላ 36፣ ለባሕር ዳር አንድ ሱቅ 24፣ በድምሩ 60 ነው። 20 መቅረት ነበረበት። ሲቆጠር 23 ተገኘ።

ነገሩ ተገለጠ። የሆነ ቀን አንዱ ልጅ ደረሰኙ ላይ B2418 ብሎ ጽፎ፣ እጁ ግን ከB2417 ሦስት ጠርሙስ አንስቷል። ስለዚህ «አይመለከታቸውም» ከተባሉት ሁለት ደንበኞች በአንዱ እጅ የሚሰበሰብ ሽሮፕ አለ። ለሁለቱም ይደወላል። «ምን ያህል ቀረህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም። ጥያቄው «ጠርሙሱን አንሥተህ ቁጥሩን አንብብልኝ» ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እስከ ችርቻሮ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ የማን ልጅ እንደጠጣው የሚታወቀው ባቹ ማዘዣው ላይ ወይም የሽያጭ መዝገቡ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ካልተጻፈ ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍና ሰው ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

«ከስትሪፑ አምስት ፍሬ ቆርጬ ብሰጥ ምን አለበት? ቁጥሩ እንደሆን ፓኬቱ ላይ አለ።»

ፓኬቱ እኮ ማታ ቆሻሻ ውስጥ ነው! ብዙ ስትሪፕ ላይ ባቹና ቀኑ አንዱ ጫፍ ላይ ተጨፍልቆ ተጽፏል። ቁጥር ከሌለበት ጫፍ ጀምረህ ቁረጥ፤ ቁጥሩ ያለበት እስከ መጨረሻው አንተ ጋ ይቆይ። ለበሽተኛው የምትሰጠው ፖስታ ላይ ደግሞ ባቹንና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፍለት።

«እኛ ባልትና ነው የምንሸጠው። ባች የፋብሪካ ነገር ነው።»

በርበሬ ላይ ባች ማለት ከአንድ ግዢ መጥቶ፣ አብሮ ደርቆ፣ አብሮ የተፈጨ ማለት ነው። በክረምት የጣና ዳር እርጥበት ይታወቃል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ በርበሬ ሻጋታ ይይዛል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን ሊያወጣ ይችላል። ያ መርዝ ቢፈጭም አይጠፋም፣ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ባቹ የሚጠፋው ወፍጮ ቤት ሳይሆን በርሜሉ ላይ ነው። ትናንት የተረፈው 8 ኪሎ ዛሬ በተፈጨው 50 ኪሎ ላይ ይገለበጣል። ነገም ከዚህ የተረፈው በነገው ላይ። በወሩ መጨረሻ አንዱ ከረጢት ችግር ቢገኝበት የወሩ በርበሬ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፤ የቱ ከየቱ እንደሆነ የሚለይ የለማ። መፍትሔው በርሜሉን ጨርሶ፣ ጠርጎ፣ አዲሱን መጨመር ነው። ግድ መቀላቀል ካለበት የሁለቱም ቁጥር ላስቲኩ ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ ደግሞ ማሽን አይፈልግም፦ «ቡሬ፣ ሐምሌ 12፣ 2ኛ ፍጭት» ብሎ በማርከር መጻፍ፣ ያንኑ ደብተር ላይ መድገም፣ ከጎኑ ከማን እንደተገዛና ለየትኞቹ ሱቆች እንደሄደ ማስፈር ነው።