ክሮስ ዶኪንግ፦ ዕቃ መጋዘን ሳያድር ከመኪና ወደ መኪና

ክሮስ ዶኪንግ ከአቅራቢ የመጣ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ፣ ከአንዱ መኪና ወርዶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ሱቅ በሚሄደው መኪና ላይ የሚጫንበት አሠራር ነው። ቀጥታ ማድረስ ደግሞ መሃል ያለውን ማረፊያ ጭራሽ ይተወዋል፤ የፋብሪካው ወይም የአከፋፋዩ መኪና ሱቁ በር ድረስ ይሄዳል። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ለሚሸጥ ዕቃ የተሠሩ ናቸው፦ ለዘይት፣ ለፓስታ፣ ለሳሙና፣ ለታሸገ ውኃ፣ ለለስላሳ፣ ለወተት፣ ለዳቦ።

በተለመደው መጋዘን አንድ ካርቶን ይወርዳል፣ ይደረደራል፣ ሲታዘዝ ከተደረደረበት ይለቀማል፣ ከዚያም ይጫናል። ክሮስ ዶኪንግ የመሃሎቹን ሁለቱን ሥራዎች ያስቀራል። ከእነሱ ጋር የቦታው ኪራይ፣ የታሰረው ገንዘብና ዕቃው ተኝቶ የሚያባክነው የአገልግሎት ዘመን ይቀንሳል። ግን መጋዘን ዝም ብሎ ዕቃ የሚያድርበት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ስህተትም ይሸፍን ነበር። መኪና ቢዘገይ፣ ትዕዛዝ ቢሳሳት፣ ጥቂት ካርቶን ቢጎድል፣ የተከማቸው ዕቃ ችግሩን ይውጠው ነበር። ክምችቱ ሲነሳ ይህን ሥራ የሚረከበው መረጃ ነው። መኪናው ግቢ ሲገባ የእያንዳንዱ ሱቅ ድርሻ በወረቀት ወይም በስክሪን ላይ ካልተቀመጠ፣ ዕቃው ወለል ላይ ወርዶ ባለቤቱን ይጠብቃል። ያ ደግሞ መደርደሪያ የሌለው መጥፎ መጋዘን ነው።

አሠራሩን በችርቻሮ ንግድ ያስታወቀው የአሜሪካው ዋልማርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሱቆቹን በማከፋፈያ ማዕከላት ዙሪያ አሰባስቦ ዕቃው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲሻገር አደረገ። በ1987 የራሱን የሳተላይት መገናኛ መዘርጋቱም የዚሁ ሥራ አካል ነበር፤ የየሱቁ ሽያጭ ቶሎ ካልታወቀ የሚሻገረው ዕቃ የት እንደሚሄድ አይታወቅምና።

ሥራው በሁለት መንገድ ይከናወናል። በመጀመሪያው አቅራቢው ራሱ ዕቃውን በየሱቁ ለይቶ፣ ምልክት ለጥፎ ይልካል፤ ማዕከሉ የሚጠበቅበት ትክክለኛውን ፓሌት፣ ማለትም ካርቶኖቹ የተደረደሩበትን የእንጨት መድረክ፣ ወደ ትክክለኛው መኪና ማሻገር ብቻ ነው። በሁለተኛው ዕቃው በጅምላ ይመጣና ክፍፍሉ ወለሉ ላይ ይደረጋል። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ግን አቅራቢው ለስድስት ሱቅ ስድስት ዓይነት ክምር መሥራት ስላለበት ሁሉም አይስማማም፣ የተስማማውም ዋጋ ይጨምርበታል። ስለዚህ በተግባር በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ነው፤ ቀጥሎ ያለው ስሌትም በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስድስት ቅርንጫፍ ያለው አንድ የሸቀጥ ነጋዴ እንውሰድ። ዕቃው ባለ 5 ሊትር የምግብ ዘይት ነው፤ አራት ጀሪካን በአንድ ካርቶን ታሽጓል፣ ካርቶኑ 19 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በፓሌቱ ላይ አንድ ረድፍ 10 ካርቶን ይይዛል፤ አራት ረድፍ ሲሆን 40 ካርቶን። ማታ የተሰበሰበው ትዕዛዝ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ቅርንጫፍ 90፣ 80፣ 70፣ 60፣ 55 እና 45 ካርቶን ነው። ድምሩ 400፣ ማለትም ልክ 10 ፓሌት።

መኪኖች የሚያወርዱበትና የሚጭኑበት ከፍ ያለ ወለል፣ ማለትም የራምፑ፣ ኃላፊ መጀመሪያ የሚያሰላው ሳይፈርስ የሚሻገረውን ፓሌት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅርንጫፎች ሁለት ሁለት ሙሉ ፓሌት ይወስዳሉ፣ አራቱ አንድ አንድ። ስምንቱ ፓሌት እንዳለ በፎርክሊፍት ይሻገራል ማለት ነው። የሚፈርሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው 80 ካርቶን 10፣ 30፣ 20፣ 15 እና 5 እየሆነ በእጅ ይከፈላል። ሰውም ጊዜም የሚበላው ይህ ሲሦ እንኳ የማይሞላ ክፍል ነው፤ የቆጠራ ስህተትም የሚፈጠረው እዚሁ ነው።

ችግር የሚያመጡት 15 እና 5 ናቸው፤ ረድፍ ይሰብራሉ። አምስተኛው ቅርንጫፍ 60፣ ስድስተኛው 40 ቢያዙ ድምሩ ያው 400 ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ትርፍ በሙሉ ረድፍ ይሆናል። ቆጣሪው ካርቶን ሳይሆን ረድፍ ይቆጥራል፣ ስህተት ቢኖርም በዓይን ይታያል። ስለዚህ ቶሎ ለሚሸጥ ዕቃ ትዕዛዝን በረድፍ ወይም በፓሌት እንዲሆን መገደብ፣ ከስካነርና ከሶፍትዌር በፊት መደረግ ያለበት ርካሽ ማሻሻያ ነው። ሱቁ አምስት ካርቶን ቢበልጥበት በሁለት ቀን ይሸጠዋል።

ይህ ሁሉ ዕቃው በፓሌት ከመጣ ነው። በአገራችን ብዙ ጭነት የሚመጣው ልቅ ሆኖ፣ ካርቶን በካርቶን ተደርድሮ ነው። ፎርክሊፍት አንድን ፓሌት በሦስት ደቂቃ ቢያወርድ አሥሩ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። 400 ካርቶን በእጅ፣ በየ10 ሴኮንዱ አንድ እየወረደ፣ ያለ ዕረፍት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ጫኝና አውራጆች በዋጋ እስኪስማሙ የሚያልፈውን ጊዜ ሳይጨምር። ልቅ ጭነት ለሚቀበል ማዕከል መፍትሔው ከመኪናው በር ላይ ጀምሮ መክፈል ነው፦ ባዶ ፓሌቶች የየቅርንጫፉ ስም ተጽፎባቸው ከኋላ ይደረደራሉ፣ ካርቶኑም ሲወርድ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ፓሌት ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ ላይ አውርዶ በኋላ መክፈል ያንኑ ካርቶን ሁለቴ ማንሳት ነው።

የራምፑ ከፍታም ይታሰብበት። ለተሳቢ ተብሎ በ1.2 ሜትር ገደማ የተሠራ ራምፕ ለአይሱዙ ከፍ ይልበታል፤ ተንቀሳቃሽ የብረት መሻገሪያ ከሌለ ፓሌት የሚያነሳው የእጅ ጋሪ፣ ሃንድ ፓሌት፣ አይሻገርም፣ ዕቃውም ተመልሶ በትከሻ ይሆናል።

አሁን ዘይቱ ብቻውን አይሁን፤ የፓስታና የሳሙና መኪናም ይጠበቃሉ። ሦስቱ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ይገባሉ፣ የቅርንጫፍ መኪኖች ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣሉ። ከባድ መኪና በቀን የሚገባበት ሰዓት በተገደበባት አዲስ አበባ ሌሊቱ ምርጫ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አቅራቢ ከአሥር ቀን ዘጠኙን በሰዓቱ የሚደርስ ጎበዝ ነው እንበል። ሦስቱም በአንድ ቀን በሰዓታቸው የሚደርሱበት ዕድል 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.73 ያህል ነው። ከአራት ቀን በአንዱ ቢያንስ አንድ መኪና ይጎድላል ማለት ነው። አቅራቢዎቹ አሥር ቢሆኑ ሁሉም የሚሟሉበት ቀን ከሦስት አንድ ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ አቅራቢ በየፊናው "እኔ እኮ ብዙ አልዘገይም" ቢል እውነቱን ነው፤ የሚጎዳው ድምሩ ነው።

የዘገየውን መጠበቅ ስድስቱንም መኪኖች ያስቆማል፣ ራምፑም በወረደ ዕቃ ይሞላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማውረጃ ያጣል። ስለዚህ የመዝጊያ ሰዓት ያስፈልጋል፦ ለምሳሌ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ የገባ ዕቃ ለነገ ይቀራል፣ መኪኖቹ ያለ እሱ ይወጣሉ። ይህ የሚሠራው ሱቁ ጓሮ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሽያጭ የሚሸፍን ዕቃ ካለ ነው። ከማዕከሉ የተነሣው ክምችት ትንሽ ክፍል ወደ ሱቅ መዛወሩን መካድ አይቻልም።

ጉድለትም አስቀድሞ ሕግ ይፈልጋል። ከ400ው 20 ካርቶን አፍስሶ ቢመጣ፣ ራምፕ ላይ ክርክር ከተጀመረ ጠዋቱ አለቀ። አንዱ ሕግ ለሁሉም 5 በመቶ መቀነስ ነው፤ ነገር ግን ይህ ቀላሉን ቆጠራ ያበላሸዋል፣ ከስምንቱ ሙሉ ፓሌቶችም አንዱን ያስፈርሳል። የተሻለው ጉድለቱን ከሚፈርሱት ሁለት ፓሌቶች ላይ ማውጣትና በማግሥቱ ለጎደለባቸው ቅድሚያ መስጠት ነው። ምንም ይመረጥ፣ ድርሻው ሲቀየር ሰነዱም አብሮ መቀየር አለበት። በወረቀቱ 70 ተብሎ 60 የጫነ መኪና መንገድ ላይ ከተቆጣጣሪ፣ ሱቅ ሲደርስ ደግሞ ከተረካቢ ጋር ይጣላል። አንዳንድ ማዕከል ዕቃውን በአንድ ሰዓት አሻግሮ ሰነድ ሲያስተካክል ሁለት ሰዓት የሚያቃጥለው በዚህ ነው።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀን መታየት ያለበት ሲወርድ ነው። መጋዘን ውስጥ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ በክሮስ ዶኪንግ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም። ፋብሪካው ባለፈው ሳምንት ከላከው ያነሰ ዕድሜ የቀረው ዕቃ ዛሬ ቢልክ፣ ሱቁ አዲስ የመጣውን ከኋላ ይደረድርና አሮጌው እዚያ ይበላሻል።

አሠራሩ እየከሸፈ መሆኑ በሪፖርት ከመታየቱ በፊት ወለሉ ላይ ይታያል። በእያንዳንዱ ፓሌት ላይ የወረደበትን ቀንና ሰዓት በጠመኔ ወይም በየቀኑ በሚለያይ ቀለም ወረቀት ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ ወለሉ ባዶ መሆን አለበት። የትናንት ቀለም ከታየ ትዕዛዝ የሌለው ዕቃ ገብቷል ወይም መኪና ሳይጭን ወጥቷል። የሦስት ቀን ቀለም ከታየ ያ ዕቃ ለዚህ አሠራር አይሆንም፤ ወደ መደርደሪያ ይመለስ።

ቀጥታ ማድረስ የሚመረጠው የአንድ ሱቅ ድርሻ ለብቻው ጉዞ የሚያዋጣ ሲሆን፣ ወይም ዕቃው መሃል ላይ ማረፍ የማይችል ሲሆን ነው። ዳቦ በጠዋት መድረስ አለበት፣ ፓስቸራይዝድ ወተት ቅዝቃዜው መቋረጥ የለበትም። ለስላሳና ቢራ ሌላ ምክንያት አላቸው፦ ሙሉ ሳጥን የሚያወርደው መኪና ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። ባዶው ማዕከል ቢመጣ ራምፑን ይሞላዋል፣ የሳጥን ሒሳቡም በሦስት ወገን መሃል ይጠፋል።

ለቀረው ዕቃ ቀጥታ ማድረስ በቀላል ቁጥር ይሸነፋል። አሥር አቅራቢ ለስድስት ቅርንጫፍ እያንዳንዳቸው ቢያደርሱ 60 የማድረሻ ጉብኝት ይሆናል፤ በማዕከል በኩል ቢያልፉ 10 መግቢያና 6 መውጫ። ሱቁ በር ላይ ደግሞ አሥር ጊዜ መቁጠር፣ አሥር ደረሰኝ መፈረም፣ አሥር ጊዜ መንገድ መዝጋት ይቀራል።

ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያልፍ ኮንቴይነር በየትኛው ሌሊት ራምፕ እንደሚደርስ ማንም በሰዓት ሊናገር አይችልም፤ የመርከቡ፣ የጉምሩኩና የመኪናው ወረፋ በየጊዜው ይለያያል። በዚያ ላይ አንድ ኮንቴይነር የሚይዘው የብዙ ቀን ሽያጭ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ መጀመሪያ እንደ ወትሮው መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ ግን በየማታው የታዘዘው ያህል ብቻ በሙሉ ፓሌት ወጥቶ፣ ልክ እንደ አገር ውስጥ አቅራቢ ጭነት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ራምፑ ላይ ይቀርባል።