«አይሠራም» ብቻ የሚል የእርዳታ ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ልየታ በጅማ መሥሪያ ቤቶች

በጅማ የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ባላቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ኮሌጆችና የሕክምና ተቋማት በየጠዋቱ ከሚገቡት የእርዳታ ጥያቄዎች ወይም ቲኬቶች መካከል ከአንድ መስመር የማያልፉ አይጠፉም። «ኢንተርኔት አይሠራም»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ፕሪንተሩ እምቢ አለ» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። እንዲህ ያለውን ቲኬት ተቀብሎ ትርጉም ባላቸው ጥቂት ጥያቄዎች መልክ የማስያዝ ሥራ ልየታ ይባላል። ልየታ ጥገና አይደለም። ችግሩ ስንት ሰው እንደያዘ፣ የማን ሥራ እንደቆመ፣ ጉዳዩ ለኔትወርክ ባለሙያ ይሂድ ወይስ ለማሽን ጠጋኝ የሚለውን የሚወስን የመጀመሪያ እርምጃ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ቲኬት ጠጋኙን በዝናብ ወደ ማያስፈልገው ሕንፃ ይልከዋል፤ ተጠቃሚውም እስከ ከሰዓት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

አንድ መስመር የጻፈውን ሰው በስንፍና መውቀስ አይገባም። የሒሳብ ሠራተኛዋ የምታውቀው የደመወዝ መዝገቡ እንዳልተከፈተላት ነው፤ ያንንም ጽፋለች። የጎደለውን መሙላት የድጋፍ ክፍሉ ድርሻ ነው።

ጥሩ ለያይ ከመጠየቁ በፊት ያነባል። ቲኬቱ ባዶ ቢመስልም የላኪውን ስም፣ የሥራ ክፍል፣ የተላከበትን ሰዓትና የቀድሞ ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ግን መድረሱ ራሱ ማስረጃ ነው። «ኢንተርኔት አይሠራም» የሚለው መልእክት ከዚያው ኮምፒውተር ከተላከ መስመሩ አለ ማለት ነው፤ የተበላሸው ሌላ ነገር ነው። ከጎረቤት ጠረጴዛ ከተላከ ደግሞ ጎረቤቱ ይሠራል ማለት ነው፤ ጉዳዩ ወደ አንድ ማሽን ጠበበ። ከስልክ በሞባይል ዳታ ከተላከ ግን ስለ መሥሪያ ቤቱ መስመር ምንም አይናገርም። ስለዚህ «ይህን ጥያቄ የላኩት ከየትኛው መሣሪያ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሊዘለል የማይገባው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት ሦስት ናቸው፤ ከሦስት በላይ በአንድ ጊዜ መላክም አይመከርም። አሥር ጥያቄ የደረሰው ሰው አንዱን ብቻ መልሶ ይተወዋል።

የመጀመሪያው «ምን ሊሠሩ ሲሉ ምን ታየ?» የሚለው ነው። በጅማ ተጠቃሚው የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሲሆን፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። መልእክቱን በቃል ማስደገም ስህተት ያበዛል፤ «አንድ ቀይ ነገር ጻፈ» የሚል መልስ ቢመጣ አያስገርምም። የሚሻለው በስልክ ፎቶ ማስነሳት ነው፤ ያውም መልእክቱን ብቻ ሳይሆን ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ። ምክንያቱ ከታች በሚቀርበው ምሳሌ ይታያል።

ሁለተኛው «እርስዎን ብቻ ነው ወይስ አጠገብዎ ያሉትንም?» ነው። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ግቢዎቻቸው በከተማው በተለያየ ሥፍራ ስለሚገኙ መልሱ በደረጃ መምጣት አለበት፦ ክፍሉ፣ ፎቁ፣ ሕንፃው፣ ግቢው። ክፍሉ በሙሉ ከቆመና ኮሪደሩ ማዶ ያለው ቢሮ ከሠራ ጥርጣሬው የሚያርፈው የክፍሉን ኮምፒውተሮች ከኔትወርኩ ጋር በሚያገናኘው ስዊች ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ስዊቹ የተሰካበት ማባዣ ወይም ስታብላይዘር ጠፍቶ መቅረቱን ማየት ይቀድማል። ሕንፃው በሙሉ ከሆነ ቲኬቶቹን አንድ በአንድ ማስተናገድ ትርፉ ድካም ነው፤ ሁሉም ከአንድ ዋና ቲኬት ጋር ይታሰራሉ፣ ለሁሉም አንድ ማስታወቂያ ይላካል። የቅድሚያ ደረጃም የሚወጣው ከዚህ መልስና ከሥራው አጣዳፊነት ነው። ተጠቃሚው «በአስቸኳይ» ብሎ መጻፉ ብቻውን ደረጃ አይሰጥም፤ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን የቆመ አንድ የሒሳብ ኮምፒውተር ግን ሌላ ቀን ከቆሙ አምስት ኮምፒውተሮች ሊቀድም ይችላል።

ሦስተኛው «ከመቼ ጀምሮ?» ነው። በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተጠቃሚው «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» ሲል ጠዋት ከሆነ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ የሚፈለገው 09:00 ነው፤ 03:00 ላይ የሚፈልግ ባለሙያ ባዶ መዝገብ አይቶ «ምንም ችግር የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ለያዩ ሁለቱንም አቆጣጠር ቲኬቱ ላይ ያሰፍራል። «ምን ለወጡ?» የሚለው ተከታይ ጥያቄ ግን እንደ ክስ ስለሚሰማ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። በምትኩ በስም መጠየቅ ይሻላል፦ ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር? ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ አደረ? ጠረጴዛ ተዛውሯል?

እነዚህ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። ሰኞ ጠዋት ከአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል «ኢንተርኔት አይሠራም፣ በአስቸኳይ» የሚል ቲኬት ይገባል። ለያዩ ሲደውልላት ላኪዋ ቲኬቱን ከባልደረባዋ ኮምፒውተር እንደላከች ትነግረዋለች። መስመሩ ደህና ነው፤ ጥርጣሬው የእሷ ማሽን ላይ ወደቀ።

«እባክዎ ሊከፍቱት የሞከሩትን ገጽ እንደገና ይክፈቱና ስክሪኑን በሙሉ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ታች በቀኝ በኩል ያለው ሰዓትና ቀን እንዳይቆረጥ።»

ፎቶው ሲደርስ ገጹ ላይ የሚታየው ይህ ነው፦

```
Your clock is behind
NET::ERR_CERT_DATE_INVALID
```

ታች በቀኝ ጥግ ያለው ቀን ደግሞ ከዓመታት በፊት የነበረ የጃንዋሪ 1 ቀን ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፤ የዘመኑ ሰርተፍኬቶች ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው። ብራውዘሩ እነዚህን ቀኖች ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያነጻጽራል። ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተጀመረ መስሎ ስለሚታየው ገጹን አይከፍትም። መስመሩ ጤነኛ፣ ገመዱ ጤነኛ፣ ድረ ገጹም ጤነኛ ሆኖ ለተጠቃሚዋ ግን «ኢንተርኔት የለም»።

ሰዓቱ ለምን ተመለሰ? ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የሚጠብቀው በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለች ክብ ባትሪ ናት፤ በአብዛኛው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ኃይሉን ከመስመሩ ስለሚያገኝ ባትሪዋ እምብዛም አትደክምም። በጅማ ግን ክረምቱ ረጅም፣ መብረቁም ብዙ ነው። ጠንቃቃ ሠራተኛ ማታ ሁሉንም ነቅሎ ይሄዳል፤ ይህም ማሽኑን ከመብረቅና ከኃይል መዋዠቅ የሚያድን ትክክለኛ ልማድ ስለሆነ ሊከለከል አይገባም። ዋጋውን የምትከፍለው ግን ባትሪዋ ናት። ስታልቅ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው መነሻ ቀን ይመለሳል።

መፍትሔው በስልክ ይጀመራል። ብዙዎች ቀጥታ የሚሮጡት ሰዓቱን ከኔትወርክ ወደሚያስተካክለው ወደዚህ ትእዛዝ ነው፦

```
w32tm /resync
```

ዊንዶውስ ግን በመሥሪያ ቤቱ ዶሜይን፣ ማለትም ኮምፒውተሮችንና የተጠቃሚ ስሞችን በአንድ ማዕከል በሚያስተዳድረው ሥርዓት፣ ውስጥ ባልገባ ኮምፒውተር ላይ ከ15 ሰዓት በላይ የሆነ ልዩነትን በነባር ቅንብሩ በራሱ አያርምም፤ ለውጡ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ በቅድሚያ ቀኑንና ሰዓቱን በእጅ ወደ ትክክለኛው አስጠግቶ፣ የሰዓት ቀጠናው `(UTC+03:00) Nairobi` መሆኑን አይቶ፣ ከዚያ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ መብት መስጠት ነው። ገጹ ይከፈታል፤ ሠራተኛዋም ወደ ደመወዝ መዝገቧ ትመለሳለች።

ብዙ ክፍሎች ቲኬቱን የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ አልስማማም። ባትሪዋ እስካልተቀየረች ድረስ ነገ ጠዋት ወይም በሚቀጥለው ሰኞ ያው ቲኬት ይመለሳል። «ከዚህ በፊት ደርሶብዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ «ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ» የሚል መልስ ካስገኘ የባትሪው ጉዳይ እርግጥ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ማሽኑ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ተነቅሎ ነዋ።

ይህን የሚመስል ሌላ ምክንያት ስላለ ለያዩ ቀኑን አስተውሎ ማንበብ አለበት። በስክሪኑ ላይ ያለው ቀን የፋብሪካ መነሻ ሳይሆን ልክ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ፣ ወሩና ቀኑም ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ፣ አንድ ሰው በቅን ልቦና የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አስገብቶበታል። ብራውዘሩ የሚሰጠው መልእክት ያው ነው፤ ባትሪ መቀየር ግን ምንም አይፈይድም። እንዲሁም ሰዓቱ ብቻ በስድስት ሰዓት ከተለየ ሰው የኢትዮጵያን ሰዓት አስገብቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ስድስት ሰዓት ለሰርተፍኬቱ ብዙ ጊዜ ችግር አይፈጥርም፤ በዶሜይን የሚገባ ኮምፒውተር ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ ልዩነትን በነባር ቅንብሩ አይቀበልምና ቲኬቱ «የይለፍ ቃሌ አይሠራም» ሆኖ ይመጣል። የይለፍ ቃል እየቀየሩ መስጠት ያኔ ከንቱ ድካም ነው።

«አጥፍተው ያብሩት» የሚለው ምክር የት ይግባ? ብዙ ችግር ስለሚፈታ ቦታ አለው፤ ግን ከፎቶው በኋላ ነው። ማጥፋት ስክሪኑ ላይ ያለውን መልእክት ይዞት ይሄዳል፤ ያልተቀመጠ ሥራም ሊያጠፋ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ችግሩ ለጊዜው ተሰውሮ ነገ ያለ ማስረጃ ይመለሳል።

ልየታው ሲያበቃ የቲኬቱ ርዕስ መለወጥ አለበት። «ኢንተርኔት አይሠራም» እንደሆነ ከተተወ በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ነገር የሚገጥመው ባለሙያ በፍለጋ አያገኘውም። «የሒሳብ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ቀኑ ወደ መነሻ ተመልሶ ድረ ገጽ አልከፍት አለ፤ ሰዓቱ ተስተካክሏል፤ ባትሪ ይቀየር» ተብሎ ተጽፎ ለማሽን ጠጋኙ ይተላለፋል። ጠጋኙ ባትሪዋን ከቀየረ በኋላ ማሽኑ አንድ ሌሊት ሙሉ ተነቅሎ እንዲያድር ይደረጋል፤ በማግስቱ ሠራተኛዋ ኔትወርክ ገመዱን ሳትሰካ አብርታ ቀኑን አንብባ በስልክ ትናገራለች። ገመዱ ሳይሰካ የሚቆየው ማሽኑ ሰዓቱን ከኢንተርኔት አስተካክሎ የባትሪዋን ድክመት እንዳይሸፍን ነው። ቀኑ ትክክል ከሆነ ቲኬቱ ይዘጋል።